«ብክነትን በ40 በመቶ ቀንሻለሁ»፦ ሲቪ ላይ የተጋነነን ነገር ሰው ሳንበድል እንዴት እናጣራ?

ቡሬ፣ ወምበርማና ፍኖተ ሰላም አካባቢ በቆሎ መሰብሰብ ሲጀምር የመጋዘን ሠራተኛ ፍለጋውም አብሮ ይጦፋል። ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ሲቪ ይጎርፋል። ሲቪዎቹ ደግሞ አንዱ ከሌላው የተቀዳ ይመስላሉ። «ዘመናዊ የንብረት አያያዝ ዘርግቻለሁ።» «መጋዘኑን በብቃት መርቻለሁ።» «የእህል ብክነትን በ40 በመቶ ቀንሻለሁ።»

ቀጣሪው እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል። አንዳንዱ የተጻፈውን እንዳለ አምኖ ይቀጥራል፤ ከሦስት ወር በኋላ ክምሩና መዝገቡ አልገናኝ ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ሲቪ ሁሉ ውሸት ነው» ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን ይገፋና የሚያውቀውን ሰው ልጅ ይቀጥራል። በዚህኛው መንገድ የሚጎዳው በትክክል ሠርቶ የመጣው፣ ግን ዘመድ የሌለው ልጅ ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝም ይሄኛው ነው።

ሌላ መንገድ አለ። አመልካቹ የጻፈውን ነገር ዝርዝር መጠየቅ ነው። በእጁ የሠራው ምንድን ነው? በምን መሣሪያ ሠራው? ምን ውጤት መጣ፣ መምጣቱስ በምን ታወቀ? ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። አጠያየቁ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ማጋነን ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራን እንቸገራለን።

አንደኛው የለየለት ውሸት ነው። ሰውየው ባልሠራበት ድርጅት ሠርቻለሁ ይላል። ይሄ ብዙ ጊዜ አንድ ስልክ በመደወል ይታወቃል።

ሁለተኛው የቡድንን ሥራ የራስ ማድረግ ነው። አምስት ሰው የሠራውን ቆጠራ «ቆጠራውን መርቻለሁ» ብሎ መጻፍ ማለት ነው። ሰውየው ቆጠራው ላይ ነበረ፣ ያ እውነት ነው። የነበረው ግን ጆንያ እየቆጠረ ነው።

ሦስተኛው መሠረቱ የማይታወቅ ቁጥር ነው። «40 በመቶ» የሚለው ከዚህ ይመደባል። ብዙ ጊዜ አመልካቹ ራሱ ቁጥሩን ያምንበታል። ሲቪ ላይ ቁጥር ጻፍ ተብሎ ተመክሯል፣ ያገኘውን ቁጥር ጻፈ። ይህን ሰው ውሸታም ማለት በደል ነው። ቁጥሩን ሳይመረምሩ መቀበልም ስህተት ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤው አይበቃም?

አይበቃም። ደብዳቤው ተዓማኒ ስላልሆነ አይደለም። የሚናገረው ጥቂት ስለሆነ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው በነጻ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ነው። ስለዚህ «ከዚህ እስከዚህ ጊዜ በንብረት ክፍል ሠራተኛነት» የሚል ታገኛላችሁ። በየክምሩ ላይ የሚንጠለጠለውን የገቢና ወጪ መዝገብ፣ ማለትም ቢን ካርዱን፣ የሚሞላው እሱ ነበር ወይስ ጓደኛው? ደብዳቤው ይህን አይነግራችሁም።

እህል የሚገዛ ሰው የጆንያውን አፍ አይቶ አይገዛም። ውስጡ ክፍት የሆነ ሹል ብረት ወደ መሃሉ ሰድዶ ከውስጥ ያወጣል። ከአንድ ጆንያም ብቻ አይደለም፣ ከበርካታው ነው። የዝርዝር ጥያቄም ሥራው ይኸው ነው። ከሲቪው ላይ ሁለት ሦስት ነገር ተመርጦ መሃሉ ድረስ ይኬዳል።

እስኪ በአንድ ምሳሌ እንየው

እንበል ቡሬ ላይ በቆሎ የሚሰበስብ አንድ ነጋዴ የመጋዘን ሠራተኛ ሊቀጥር ነው። ከፊቱ የተቀመጠው ወጣት ሁለት ዓመት ሌላ መጋዘን ሠርቷል። ሲቪው ላይ «የበቆሎ ብክነትን በ40 በመቶ ቀንሻለሁ» ይላል።

ነጋዴው ከቁጥሩ አይጀምርም። ከቁጥር ሲጀመር ሰው የተከሰሰ ይመስለዋል፤ ይደነግጣል። የሚጀምረው ከሥራው ነው።

«በቆሎ የጫነ መኪና በር ላይ ሲደርስ አንተ በእጅህ የምትሠራው ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ አጠቃላይ የመጋዘኑን እንቅስቃሴ እከታተላለሁ።»

ይሄ መልስ ምንም አይልም። ግን እዚህ ላይ መፍረድ አያስፈልግም። ሰው ሲጨንቀው በሲቪ ቋንቋ ያወራል። ነጋዴው ጥያቄውን ወደ አንድ ቀን ያወርደዋል።

«እሺ፣ መጨረሻ ላይ የተቀበልከውን ጭነት አስበው። ሹፌሩ ከወረደ ጀምሮ ንገረኝ።»

አሁን ልጁ ይፈታል። መኪናው ከነጭነቱ ይመዘናል፤ ካራገፈ በኋላ ባዶው ይመዘናል፤ ልዩነቱ የእህሉ ክብደት ነው። በመሃል እሱ ከየጆንያው ናሙና እየወሰደ እርጥበቱን ይለካል። ከ16 በመቶ በላይ ከሆነ ይመለሳል። ከ13 እስከ 16 ከሆነ ይገባና እንዲደርቅ ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ ይሰጣል። የገቢ ደረሰኝ ይቆረጣል። ክምሩ ላይ የተንጠለጠለው ቢን ካርድ ላይ ቀኑ፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ የገባው መጠንና ቀሪው ይጻፋል።

ቀጥሎ ስለ መሣሪያው ይጠየቃል። «እርጥበት መለኪያው ተበላሽቶ አያውቅም? ያን ቀን ምን አደረግህ?»

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። መሣሪያን በስም ማወቅ ይቻላል። መሣሪያው ሲያስቸግር ምን እንደሚደረግ የሚያውቀው ግን አብሮት የዋለ ሰው ነው። ልጁ እንዲህ ይላል፦ «ባትሪው ሲደክም ቁጥሩ ይዋዥቃል። ሦስት ጊዜ እለካና አማካዩን እወስዳለሁ። ጭራሽ ሲጠፋ ደረቅ ጨውና በቆሎውን ጠርሙስ ውስጥ አድርገን እንንጣለን። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥብ ነው ብለን እናስጣዋለን።» የጨውና የጠርሙሱ ዘዴ የታወቀ ነው። እርጥበቱ ከ15 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ጨው መለጠፍ ይጀምራል። ቁጥር ግን አይሰጥም፤ እርጥብ ነው ወይም ደረቅ ነው ብቻ ነው የሚለው። ልጁ ይህንንም ከጨመረ ሥራው ላይ ስለመዋሉ ብዙ አንጠራጠርም።

ወደ 40 በመቶው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

«የ40 በመቶውን ነገር አስረዳኝ። ከስንት ወደ ስንት ነው የወረደው?»

«መጀመሪያው ዓመት 120 ኩንታል ጎደለ። ሁለተኛው ዓመት 72 ብቻ ነው የጎደለው።»

ከ120 ወደ 72 ሲወርድ በእርግጥም 40 በመቶ ነው። ልጁ አልዋሸም። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ብዙ ጠያቂ የሚረሳውም እሱን ነው።

«በየዓመቱ የገባው ጠቅላላ ስንት ነበር?»

«መጀመሪያው ዓመት 4,000 ኩንታል። ሁለተኛው ዓመት ገበያው ቀዝቅዞ 2,400።»

120 ከ4,000 ሲሰላ 3 በመቶ ነው። 72 ከ2,400 ሲሰላም 3 በመቶ ነው። ብክነቱ ፈቅ አላለም። የቀነሰው የገባው እህል ነው።

ታዲያ ልጁ ወደቀ ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ቸኩሎ ፋይሉን የሚዘጋ ጠያቂ ጥሩ ሠራተኛ ያመልጠዋል። የወደቀው ቁጥሩ ነው። ነጋዴው አንድ ነገር ይጨምራል፦ «እህሉ ሲገባ እርጥበቱ ስንት ነበር? ሲወጣስ?»

«ታኅሣሥ ላይ ሲገባ 16 አካባቢ ነበር። ተሰጥቶ ደርቆ ሲወጣ 13 ግድም።»

ይህን በወረቀት እናስላው። እርጥበቱ 16 በመቶ የሆነ 100 ኪሎ በቆሎ ውስጥ ውሃ ያልሆነው 84 ኪሎ ነው። ሲደርቅ የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፤ 84 ኪሎው ባለበት ይቆያል። እርጥበቱ 13 በመቶ ሲደርስ ያ 84 ኪሎ የጠቅላላው 87 በመቶ ይሆናል። 84ን ለ0.87 ስናካፍል 96.5 ኪሎ ገደማ እናገኛለን። ከአንድ ኩንታል ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ተኖ ሄዷል ማለት ነው። ሌባ አልነካውም፣ ነቀዝ አልበላውም።

እንግዲህ በሁለቱም ዓመት ጎደለ የተባለው 3 በመቶ በአብዛኛው ውሃ ነው። መጋዘኑ እህሉን የሚመዝነው ከመሰጣቱ በፊት ስለሆነ ጉድለቱ በየዓመቱ ይመጣል። ይህን ለማስቀረት ከተሰጣ በኋላ እንደገና መዝኖ በዚያ ክብደት መመዝገብ ይበቃል።

ልጁ ይህን ሲሰማ የሚለውን ማድመጥ ነው። «እኛም ጉድለቱ ሁልጊዜ እኩል መሆኑ ይገርመን ነበር፤ ከተሰጣ በኋላ ይመዘን ብዬ ጠይቄ ሚዛኑ አንድ ነው ተባልኩ» ካለ፣ ይህ ሲቪው ላይ ከተጻፈው 40 በመቶ የበለጠ ዋጋ አለው። «አይ፣ እኔ 40 በመቶ ቀንሻለሁ» ብሎ ከተከራከረ ደግሞ ነገ በመዝገብ ላይም እንዲሁ ሊከራከር ይችላል። ያንንም መመዝገብ ነው።

ዝርዝር ስንጠይቅ ሰው እንዳንበድል ምን እናድርግ?

ከሁሉ በፊት ጥያቄዎቹ ለሁሉም አመልካች አንድ ይሁኑ። ፊቱ ደስ ያላችሁን ልጅ «እሺ፣ ጎበዝ» ብላችሁ አልፋችሁ፣ ያልወደዳችሁትን እስከ ጨው ጠርሙሱ ድረስ ካወረዳችሁት ፈተናው አንድ አይደለም። ጥያቄዎቹን ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከጎናቸው ደግሞ ጥሩ መልስ፣ መካከለኛ መልስና ደካማ መልስ ምን እንደሚመስል ጻፉ። ይህ ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት መሆን አለበት። ሰው ከተናገረ በኋላ መለኪያ ስናወጣ፣ ሳናውቀው ለወደድነው ሰው እንዲመች አድርገን እናወጣዋለን።

«እኛ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ስሙ። ጎጃም ያደገ ልጅ ታላቅ ሰው ፊት ቀርቦ «እኔ ሠራሁ፣ እኔ አመጣሁ» ማለት ይከብደዋል። ብቻውን የሠራውንም «ሠራን» ይላል። በተቃራኒው ጓደኛው የሠራውን በ«እኛ» ጠቅልሎ የሚያልፍም አለ። በቃሉ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። «ከዚህ ውስጥ በአንተ እጅ የነበረው የትኛው ነው? የቀረውን ማን ይሠራ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አነጋገራችሁ ለስላሳ ይሁን። የሌሎቹን ድርሻ አጥርቶ የሚናገር ሰው የራሱንም አጥርቶ ያውቃል።

ዓይንን አትመርምሩ። መሬት መሬት ማየት፣ ላብ ማላብ፣ ድምፅ መንቀጥቀጥ የውሸት ምልክት አይደሉም። እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ፊት ዓይንን መስበር ጨዋነት ነው። አፍጥጦ የሚያይ ደግሞ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። የሚመዘነው መልሱ ነው።

የመሣሪያና የሰነድ ስም ሲለያይ አትደናገጡ። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ንብረት ሲገባ «ሞዴል 19»፣ ሲወጣ «ሞዴል 22» ይላል። የግል ድርጅት ውስጥ የሠራ የገቢ ደረሰኝ፣ የወጪ ደረሰኝ ይላል። ሥራው አንድ ነው። «ሞዴል 19 ምንድን ነው?» ተብሎ ዝም ያለውን ከመጣል «ዕቃ ስትቀበል ምን ላይ ትፈርማለህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መርሳትም አለ። ከአራት ዓመት በፊት የነበረን ኩንታል በትክክል የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። እንዲያውም ሁሉንም ቁጥር እስከ ኪሎ ድረስ የሚዘረግፍ ካጋጠማችሁ ሸምድዶ ሊሆን ይችላል። «ከመቶ ይበልጣል፣ ከሁለት መቶ አይደርስም» የሚል መልስ ጥሩ መልስ ነው። ከዚያ «ቁጥሩ የትኛው ሰነድ ላይ ነበር?» በሉ። የሠራ ሰው ቁጥሩን ቢረሳ እንኳ የት ተጽፎ እንደነበር አይረሳም።

የቀድሞ አሠሪውን ምስጢርም አትጠይቁ። ለማን በስንት ዋጋ እንደሚሸጡ የእናንተ ጉዳይ አይደለም። ያንን በቀላሉ ያወጣ ሰው ነገ የእናንተንም ያወጣል።

ማውራት የማይችል፣ ሥራ ግን የሚችል ሰውስ?

ለእሱ ወረቀት ስጡት። ለሁሉም ስጡ፤ እሱ ግን በጣም ይጠቀማል። ባዶ ቢን ካርድ ላይ እንዲህ ብሎ መስጠት ይቻላል፦ ቀሪ 310 ጆንያ ነበር፤ ዛሬ 85 ገባ፤ 120 ወጣ፤ ማታ ሲቆጠር 271 ተገኘ። ሙላው፤ ከዚያ ምን እንደምታደርግ ንገረኝ።

310 ላይ 85 ተደምሮ 120 ሲቀነስ 275 ነው። አራት ጆንያ ጎድሏል። እውነተኛ የመጋዘን ሰው 275 ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ እንደገና ይቆጥራል። ከዚያ ያልተመዘገበ የወጪ ደረሰኝ እንዳለ ያያል፤ ሒሳብ ክፍል ካለው ስቶክ ካርድ ጋር ያመሳክራል። ካልተገኘ ለኃላፊው በጽሑፍ ያሳውቃል። ደካማው «271 ብዬ አስተካክለዋለሁ» ይላል። ለቀጣሪ ይህች መልስ ትልቅ ነገር ትናገራለች። ጉድለት በመጣ ቁጥር ካርዱ ከክምሩ ጋር እንዲገጥም እየተደረገ፣ ሰኔ 30 በዓመታዊው ቆጠራ ላይ ምንም ሳይታይ ያልፋል ማለት ነው።

በዚህ መንገድ የሚያታልል የለም?

አለ። መጋዘን ውስጥ ጓደኛ ያለው ሰው ሚዛኑንም፣ ጨው ጠርሙሱንም ሰምቶ መምጣት ይችላል። ሰምቶ የመጣን ሰው የሚለየው ብዙ ጊዜ የስህተት ጥያቄ ነው። «በዚህ ሥራ ላይ ያበላሸኸው ነገር ምን ነበር? እንዴት አወቅህ? ከዚያ ምን ተቀየረ?» የሰማ ሰው የሰማው የሚሠራበትን መንገድ ነው። የተበላሸበትን ቀን ማንም አላጫወተውም። የሠራ ሰው ግን ዝናብ ድንገት መጥቶ ሸራ ላይ የተሰጣው በቆሎ የራሰበትን ቀን ከነሰዓቱ ይነግራችኋል።

ሌላው ማጣሪያ ለቀድሞው መሥሪያ ቤት መደወል ነው። መጀመሪያ አመልካቹን አስፈቅዱ፤ አሁንም እዚያ እየሠራ ከሆነ ስልኩ እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል። ስትደውሉም «ጥሩ ሠራተኛ ነው?» አትበሉ። «ነው» ይባላል፣ በቃ። «እናንተ ዘንድ በቆሎ የሚመዘነው ከመሰጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ቢን ካርዱን የሚሞላውስ ማን ነበር?» በሉ። መልሱ ከልጁ ቃል ጋር ከገጠመ ጨርሳችኋል። ካልገጠመም ወዲያው ከመፍረድ ልጁን ጠርቶ ልዩነቱን ማስረዳት የሚችልበት ዕድል መስጠት ይገባል። አሠራሩ እሱ ከወጣ በኋላ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጥርጣሬ ከቀረ አዋጁ ራሱ በር ትቶላችኋል። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ተዋውሎ እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ዝም ብሎ ማሳለፍ ግን ለማንም አይጠቅምም። ለልጁ አንድ ክምር ለይታችሁ ስጡት። ሲገባና ከተሰጣ በኋላ ሁለቴ ይመዝነው፤ እርጥበቱን በየሳምንቱ ካርዱ ላይ ይጻፍ። በሙከራው ማብቂያ እናንተ ራሳችሁ እዚያው ክምር ላይ መዝኑና ከካርዱ ጋር አስተያዩት።